ፖርት 445ን ለኢንተርኔት ከመክፈት ይልቅ ፋይሉን በራስ ሰርቨር ማመሳሰል

አንድ ትንሽ የሒሳብ ቢሮ እንውሰድ። ጥግ ላይ ያለ፣ ሊኑክስ የተጫነበት ኮምፒውተር እንደ ሰርቨር ያገለግላል። 60 ጊጋባይት ገደማ የደንበኞች ሰነድ ሳምባ በሚባለው የፋይል ማጋሪያ ፕሮግራም ሼር ተደርጎበታል፤ ሠራተኞቹ ከየጠረጴዛቸው `\\server\sira` ብለው ይከፍቱታል። ቢሮ ውስጥ እስካሉ ድረስ ይህ አሠራር ምንም አይጎድለውም። ጥያቄ የሚነሳው አንዱ ቅዳሜ ከቤቱ መሥራት ሲፈልግ፣ ሌላዋ ሐዋሳ ደንበኛ ዘንድ ስትሄድ፣ ሸሪካቸው ደግሞ ቨርጂኒያ ሆኖ ያንኑ ፋይል ማየት ሲፈልግ ነው።

ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚመጣው ሐሳብ ራውተሩ ላይ ገብቶ ፖርት 445ን ወደ ሰርቨሩ ፎርዋርድ ማድረግ ነው። አምስት ደቂቃ የሚፈጅ ሥራ ስለሆነ ያጓጓል። እኔ ለማንም ቢሮ የማልመክረው ነው፤ ምክንያቱን በደንብ ላስረዳና ከዚያ በምትኩ የሚደረገውን አሳያለሁ።

ሼርድ ፎልደር በፖርት 445 የሚሠራበት ኤስኤምቢ የሚባለው ፕሮቶኮል የተሠራው በአንድ ሕንፃ ውስጥ እርስ በርስ ለሚተዋወቁ ኮምፒውተሮች ነው። ፖርቱ ለኢንተርኔት ሲከፈት ከእናንተ ሰዎች በፊት የሚያገኙት ቀን ከሌሊት አድራሻ እየቆጠሩ 445ን የሚፈትሹ ፕሮግራሞች ናቸው። ሥራቸው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው የይለፍ ቃል መገመት ነው፤ `admin`፣ `user`፣ `scan` የመሰሉ ስሞችን ይዘው ያለማቋረጥ ይሞክራሉ። ለስካነር ወይም ለፎቶ ኮፒ ማሽን ተብሎ የተከፈተ፣ ይለፍ ቃሉ `123456` የሆነ አካውንት ካለ የሚገቡት በዚያ ነው። ሁለተኛው የሶፍትዌሩን ቀዳዳ መጠቀም ነው፤ ይህኛውን ጠንካራ የይለፍ ቃል አይመልሰውም። በግንቦት 2009 ዓ.ም. (ሜይ 12, 2017) የተነሳው፣ ፋይል መስጥሮ ማስለቀቂያ ገንዘብ የሚጠይቀው ዋናክራይ የተባለ ራንሰምዌር በዚሁ በር ነው ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር የተሠራጨው። ማይክሮሶፍት ማስተካከያውን ሁለት ወር ቀደም ብሎ አውጥቶት ነበር፤ የተጎዱት ያልጫኑት ናቸው። «የእኛ ሊኑክስ ነው» ማለትም አያድንም። በዚያው ወር `CVE-2017-7494` የተባለ ቀዳዳ ራሱ ሳምባ ውስጥ ተገኝቷል፤ ከ3.5.0 ጀምሮ ያሉትን ቅጂዎች የሚነካ ሆኖ፣ መጻፍ የሚቻልበት ሼር ያገኘ ሰው ሰርቨሩ ላይ የራሱን ፕሮግራም እንዲያስኬድ ያስችለው ነበር።

የውጪውን ፖርት ቁጥር ቀይሮ ማለፍም ብዙ አያስኬድም። ዊንዶውስ ለረጅም ዘመን ሼር በሌላ በተመረጠ ፖርት እንዲከፈት አይፈቅድም ነበር፤ የሚፈቅደው ከዊንዶውስ 11 24H2 ወዲህ ነው፣ ያውም በ`net use` ትእዛዝ እንጂ ፋይል ኤክስፕሎረር ላይ አድራሻ በመጻፍ አይደለም። ቢፈቅድም ፈታሾቹ ቁጥሩን ለማግኘት የሚፈጅባቸው ጊዜ ብቻ ነው የሚጨምረው።

ደኅንነቱን ለጊዜው ብንተወው እንኳ ፍጥነቱ ያሰናክላል። ኤስኤምቢ አንድ ፋይል ለመክፈት ከሰርቨሩ ጋር ደጋግሞ ይነጋገራል፦ ፋይሉ አለ ወይ፣ መብቱ አለኝ ወይ፣ ንብረቱ ምንድን ነው፣ አሁን ስጠኝ፣ አሁን ዝጋው። ቢሮ ውስጥ አንዱ ምልልስ ከአንድ ሚሊ ሴኮንድ በታች ስለሆነ አይታወቅም። በሩቅ መስመር ምልልሱ 200 ሚሊ ሴኮንድ ቢወስድና ለአንድ ፋይል 10 ምልልስ ቢያስፈልግ 2 ሴኮንድ ይሆናል። 300 ትናንሽ ፋይል ያለበትን ፎልደር መቅዳት እንግዲህ 10 ደቂቃ ዝም ብሎ መጠበቅ ነው፤ ያውም የፋይሎቹ መጠን ሳይታሰብ። ኢንተርኔቱን በሁለት እጥፍ ቢያፈጥኑት ይህ ጊዜ አይቀንስም፤ ምክንያቱም የሚያዘገየው የመስመሩ ስፋት ሳይሆን ርቀቱ ነው። በዚህ ላይ ኤክሴል እያስቀመጠ ሳለ መስመሩ ቢቋረጥ ወይም መብራት ቢጠፋ ሥራው መሐል ላይ ይቀራል።

ፖርቱ አሁን ተከፍቶ እንደሆነ ማወቅ ቀላል ነው። ላፕቶፑን ከቢሮው ዋይፋይ አውጡና በስልክ ዳታ አገናኙት፤ ከዚያ ፓወርሼል ላይ የቢሮውን የውጪ አድራሻ አስገብታችሁ ይህን አስኪዱ፦

```
Test-NetConnection 203.0.113.10 -Port 445
```

`TcpTestSucceeded : True` ካለ በሩ ክፍት ነው። `False` ቢል ግን ራውተሩን ሳያዩ አትመኑት፤ የስልክ መስመሩ ራሱ 445ን አግዶ ሊሆን ይችላል። ራውተሩ ላይ የፖርት ፎርዋርድ ሰንጠረዡን ከፍታችሁ 445 እና የኤስኤምቢ የቀድሞ ፖርት የሆነው 139 ካሉ አጥፏቸው። ዩፒኤንፒ የሚባለው ምርጫ በርቶ ከሆነም ዝጉት፤ አንዳንድ መሣሪያዎች በእሱ በኩል ራሳቸው ፖርት ያስከፍታሉ። ሼር የሚያደርገው ዊንዶውስ ከሆነ ደግሞ በኢቨንት ቪወር የሴኪዩሪቲ መዝገብ ውስጥ 4625 የሚለውን ቁጥር ፈልጉ። ያልተሳካ የመግባት ሙከራ ማለት ነው። የማታውቋቸው ስሞች በየደቂቃው ተደርድረው ካያችሁ ሲሞክሩባችሁ ቆይተዋል።

አሁን ወደ ሌላው መንገድ። ማመሳሰል ማለት ፋይሉ በእያንዳንዱ ሰው ኮምፒውተር ላይ ሙሉ ቅጂ ሆኖ ይቀመጣል፣ የተለወጠው ብቻ ኢንተርኔት ሲኖር ይተላለፋል ማለት ነው። ሐዋሳ ያለችው ሠራተኛ የምትከፍተው የራሷ ዲስክ ላይ ያለውን ስለሆነ ርቀቱ አይሰማትም፤ ኔትወርክ ባይኖርም ትሠራለች። ለዚህ ቢሮ የምመርጠው ሲንክቲንግ የሚባለውን የማመሳሰያ ፕሮግራም ነው። ኔክስትክላውድም ጥሩ ነው፤ በብራውዘር መክፈትና ለደንበኛ ሊንክ መላክ ያስችላል። ነገር ግን ዌብ ሰርቨር፣ ዳታቤዝ፣ የደኅንነት ሰርተፍኬትና ከውጪ የሚደረስበት አድራሻ ይጠይቃል፤ ማሻሻያውን ቶሎ ቶሎ የሚጭን ሰውም ይፈልጋል። እንዲህ ያለ ሰው ለሌለው ቢሮ ከባድ ነው።

ሲንክቲንግ ራውተር ላይ ምንም እንዲከፈት አያስገድድም። ሁለቱም ኮምፒውተሮች ወደ ውጪ ይደውላሉ፤ በቀጥታ መገናኘት ካቃታቸው መሐል ላይ ባለ አስተላላፊ በኩል ያልፋሉ። አስተላላፊው የሚያየው የተመሰጠረ ነገር ብቻ ነው። እያንዳንዱ መሣሪያ ከራሱ ሰርተፍኬት የሚወጣ ረጅም መለያ አለው፤ ሁለቱም ወገን የሌላውን መለያ ካልመዘገቡ ፋይል አይለዋወጡም። ሊገመት የሚችል የይለፍ ቃል በዚህ መሐል የለም።

ደቢያን ወይም ኡቡንቱ ላይ መጫኑ እንዲህ ነው። `filesrv` የምለው የፋይሎቹ ባለቤት የሆነውን ተጠቃሚ ነው፦

```
sudo apt install syncthing
sudo systemctl enable --now syncthing@filesrv
```

መቆጣጠሪያ ገጹ 8384 ላይ ነው፤ የሚከፈተውም ከሰርቨሩ ከራሱ ብቻ ነው። እንደዚያው ተዉት። ከጠረጴዛችሁ ለማየት በኤስኤስኤች በኩል ግቡ፦

```
ssh -L 8385:127.0.0.1:8384 filesrv@server
```

ከዚያ ብራውዘር ላይ `127.0.0.1:8385` ብላችሁ ክፈቱ። ላፕቶፑ ላይም ሲንክቲንግን ጫኑ፤ `Actions` ውስጥ `Show ID` የሚለውን ተጭናችሁ መለያውን ቅዱና ሰርቨሩ ላይ `Add Remote Device` በሚለው አስገቡ። ፎልደሩን ጨምራችሁ `Sharing` በሚለው ትር ለዚያ ላፕቶፕ ምልክት አድርጉለት። ሁሉንም 60 ጊጋ ለሁሉም ሰው አትስጡ። ደንበኛ በደንበኛ ወይም ዓመት በዓመት ለያይታችሁ ብዙ ፎልደር አድርጋችሁ መዝግቡት። ሲንክቲንግ ስሙን ብቻ አሳይቶ ሲነኩት የሚያወርድ ስላልሆነ የተሰጠው ፎልደር በሙሉ ላፕቶፑ ላይ ቦታ ይይዛል።

የመጀመሪያውን ጭነት በኢንተርኔት አታድርጉት። የቢሮው የመላኪያ ፍጥነት በሴኮንድ 4 ሜጋቢት ቢሆን 60 ጊጋባይት 33 ሰዓት ያህል ይወስዳል፤ ያውም መስመሩን ሌላ ማንም ካልተጠቀመበት። ላፕቶፑን አንድ ቀን ቢሮ አምጥታችሁ በገመድ አገናኙት፣ ወይም ፎልደሩን በውጪ ሃርድ ዲስክ ቅዱና ላፕቶፑ ላይ ካስቀመጣችሁት በኋላ ሲንክቲንግን ወደዚያ ቦታ ምሩት። ሁለቱም ወገን ፋይሎቹን ፈትሾ ይዘታቸው አንድ መሆኑን ሲያይ እንደገና አይልካቸውም። ከዚያ በኋላ የሚተላለፈው የቀኑ ለውጥ ነው፤ በዚያው መስመር 20 ሜጋባይት የተስካነ ሰነድ 40 ሴኮንድ ይፈጅበታል።

ገጹ ላይ ከእያንዳንዱ መሣሪያ ጎን የግንኙነቱን ዓይነት እዩ። `TCP WAN` ወይም `QUIC WAN` ካለ በቀጥታ ተገናኝተዋል። `Relay WAN` ካለ በአስተላላፊ እየሄደ ነው፤ ይሠራል፣ ግን ቀርፋፋ ነው። ቢሮው የራሱ የውጪ አድራሻ ካለው 22000ን በቲሲፒም በዩዲፒም ወደ ሰርቨሩ ፎርዋርድ ብታደርጉ በቀጥታ ይገናኛሉ። እዚህ ፖርት መክፈቱን የምፈቅደው በዚህ በር መለያው ያልተመዘገበ መሣሪያ ስለሚመለስ ነው። ራውተሩ የሚያሳየው የውጪ አድራሻ በ10 ወይም ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው የሚጀምር ከሆነ ግን አድራሻው የጋራ ነው፤ ፎርዋርድ ማድረጉ ምንም አያመጣም። በነገራችን ላይ ያ ቢሮ 445ን ቢከፍተውም አይሠራለትም ነበር።

ሠራተኞቹ ቢሮ ውስጥ ሼሩን መጠቀማቸውን ይቀጥላሉ፤ ሲንክቲንግ ያንኑ ፎልደር ያነባል። እዚህ ጋ ብዙ ሰው የሚሰናከልበት የፋይል ባለቤትነት ነው። በሳምባ በኩል የተፈጠረው ፋይል በሠራተኛዋ ስም ከተመዘገበ በ`filesrv` ስም የሚሠራው ሲንክቲንግ ሊነካው አይችልም፤ ገጹ ላይ `permission denied` ይላል፣ ፎልደሩም `Out of Sync` እንዳለ ይቀራል። መፍትሔው ሁሉም በአንድ ስም እንዲጻፍ ማድረግ ነው፦

```
[sira]
   path = /srv/sira
   read only = no
   force user = filesrv
   vfs objects = recycle
   recycle:repository = .recycle
   recycle:keeptree = yes
```

የመጨረሻዎቹ ሦስት መስመሮች ለምን እንደገቡ ላስረዳ፤ ዋናው አደጋ እዚህ ነውና። ማመሳሰል ስረዛንም ያመሳስላል። ሐዋሳ ያለችው ሠራተኛ በስህተት ያጠፋችው ፎልደር ከሰርቨሩም ከቨርጂኒያውም ይጠፋል። ለዚህ ሰርቨሩ ላይ በፎልደሩ `File Versioning` ትር `Staggered` የሚለውን ምረጡ፤ የተሰረዘውና የተተካው `.stversions` ውስጥ ይቀመጣል፣ በነባሪነት እስከ አንድ ዓመት። ግን አንድ ነገር አስተውሉ፦ ይህ የሚያስቀምጠው ከሌላ መሣሪያ የመጣውን ለውጥ ብቻ ነው። ቢሮ ውስጥ ያለ ሰው በሼሩ በኩል ፋይል ቢሰርዝ ለሰርቨሩ ይህ የራሱ ለውጥ ስለሆነ `.stversions` ውስጥ አይገባም። ያንን ጉድለት የሚሞላው የሳምባው `recycle` ነው። የሁለቱን ልዩነት ሳያውቁ በአንዱ ብቻ የተማመኑ ሰዎች የሚያስታውሱት ፋይሉ ከጠፋ በኋላ ነው።

ላፕቶፕ በራንሰምዌር ቢያዝም ነገሩ በዚሁ ያልፋል፤ የተመሰጠሩት ፋይሎች ወደ ሰርቨሩ ይመጣሉ፣ ጤነኞቹ `.stversions` ውስጥ ይቀራሉ። ግን 60 ጊጋው በሙሉ ቢተካ ሌላ 60 ጊጋ ባዶ ቦታ ያስፈልጋል። ስለዚህ ዲስኩ ቢያንስ ከፋይሉ ሁለት እጥፍ ተኩል ይሁን። ይህ ሁሉ ባክአፕን አይተካም፤ በየሳምንቱ ተቀድቶ የሚነቀል የውጪ ዲስክ አሁንም ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ችግር መቆለፍ አለመኖሩ ነው። በሼር ላይ አንዱ የከፈተውን የኤክሴል ፋይል ሌላው ሲከፍተው ተይዟል ይባላል። በማመሳሰል ሁለቱም የራሳቸውን ቅጂ ስለሚከፍቱ ማንም አይነግራቸውም። ሁለቱም ለውጠው ካስቀመጡ ኮንፍሊክት ይባላል፤ ሲንክቲንግ በጊዜ የቀደመውን ለውጥ ስሙን ቀይሮ ያስቀምጠዋል፤ አይጠፋም፣ ግን ካልፈለጉት አይታይም። በየሳምንቱ ሰርቨሩ ላይ ፈልጉት፦

```
find /srv/sira -name "*.sync-conflict-*"
```

ከተገኘ ሁለቱን ጎን ለጎን ከፍቶ ማዋሐድ የሰው ሥራ ነው። የሚደጋገም ከሆነ የሥራ ክፍፍሉን አስተካክሉ፤ በአንድ ደንበኛ ፎልደር ላይ የሚጽፈው አንድ ሰው ይሁን። ማየት ብቻ ለሚያስፈልገው ሸሪክ የእሱ ኮምፒውተር ላይ የፎልደሩን ዓይነት `Receive Only` አድርጉት። የኦፊስ ጊዜያዊ ፋይሎች እንዳይመላለሱ ደግሞ በየኮምፒውተሩ `Ignore Patterns` ውስጥ ይህን ጻፉ፤ ዝርዝሩ ራሱ ስለማይመሳሰል እያንዳንዱ ላይ ለየብቻ ማስገባት ያስፈልጋል፦

```
~$*
*.tmp
(?d)Thumbs.db
(?d)desktop.ini
.recycle
```

ሦስተኛው ፒችትሪ ነው፤ የሒሳብ ቢሮ ስለሆነ መጠየቁ አይቀርም። የፒችትሪን የካምፓኒ ፎልደር በቀጥታ አታመሳስሉ። ውስጡ ያሉት ብዙ ፋይሎች እርስ በርስ የተሳሰሩ ናቸው፤ ሲንክቲንግ ግን እያንዳንዱን በየራሱ ሰዓት ይልካል። ደንበኞቹን የያዘው ፋይል የዛሬ፣ ጆርናሉ የትናንት ሆኖ ሌላው ጋ ሊደርስ ይችላል። ኮንፍሊክት ሲፈጠርም ፒችትሪ በአዲስ ስም የተቀመጠውን አያየውም፤ የተመዘገበው ሒሳብ ዝም ብሎ ይጎድላል። አክሰስና ሌሎች የዳታቤዝ ፋይሎችም እንደዚሁ ናቸው። መመሳሰል ያለበት ከፒችትሪ የወጣው የ`.ptb` ባክአፕ ብቻ ነው።

ለአማርኛ የፋይል ስም አንድ ልዩ ጥንቃቄ አለ። ሊኑክስ አንድን ስም የሚለካው በባይት ነው፤ ወሰኑ 255 ነው። አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ስለሚወስድ ከ85 ፊደል በላይ አይቀበልም። ዊንዶውስ ግን ወሰኑን በፊደል ስለሚቆጥር «የ2016 ዓ.ም. የግማሽ ዓመት የተጨማሪ እሴት ታክስ ማስታወቂያ...» እያለ የሚቀጥል ረጅም ስም ያለ ችግር ያስቀምጣል። ያ ፋይል ሰርቨሩ ላይ ሲደርስ `file name too long` ብሎ ይቀራል፤ የሌሎቹ ፋይሎች መመሳሰል አይቆምም፣ ስለዚህ ማንም ላያስተውለው ይችላል። ኮንፍሊክት ሲፈጠር ስሙ ላይ 38 ባይት ስለሚጨመር ደግሞ 60 ፊደል አካባቢ ላይ ማቆም ይሻላል።

ፋይሎቹ በውጪ ዲስክ ላይ ከሆኑ `.stfolder` የምትባለውን ትንሽ ፎልደር አትንኩ። ሰርቨሩ መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ዲስኩ ሳይያያዝ ቢቀር ሲንክቲንግ እሷን ሲያጣ ሥራውን ያቆማል፤ `folder marker missing` ይላል። ይህ ጥበቃ ነው። መልእክቱን ለማጥፋት ብላችሁ ባዶው ቦታ ላይ በእጃችሁ ከፈጠራችኋት ፋይሎቹ ሁሉ እንደተሰረዙ ይቆጥርና ሌሎቹም ኮምፒውተሮች ላይ ይሰርዛቸዋል። መጀመሪያ ዲስኩን አያይዙ።

ሼሩን ራሱን ከውጪ ማግኘት የግድ የሚሆንበት ጊዜም አለ፦ ሰነዱ 800 ጊጋባይት ከሆነና ከዚያ ውስጥ በቀን ሁለት ሦስት ፋይል ብቻ የሚፈለግ ከሆነ፣ ወይም ፒችትሪን ከቤት መሥራት ካስፈለገ። ያኔም 445 አይከፈትም። ዋየርጋርድ የሚባለውን ቪፒኤን ሰርቨሩ ላይ ተክላችሁ ዩዲፒ 51820ን ብቻ ክፈቱ። ቁልፍ ለሌለው ሰው መልስ ስለማይሰጥ ለፈታሾቹ በሩ ያለ አይመስልም። የውጪ አድራሻችሁ የጋራ ከሆነ መሐል ላይ ትንሽ ሰርቨር ተከራይታችሁ ቢሮው ወደዚያ እንዲደውል አድርጉ፤ በቢሮው በኩል `PersistentKeepalive = 25` ካልገባ ግንኙነቱ ትንሽ ቆይቶ ይዘጋል። የርቀቱ ቀርፋፋነት ግን በቪፒኤንም አይቀርም። ስለዚህ ለፒችትሪ በቪፒኤኑ ውስጥ ሆኖ የቢሮውን ኮምፒውተር በሪሞት ዴስክቶፕ መክፈት እንጂ የፒችትሪን ፋይል በሩቅ መክፈት አይገባም።

ማመሳሰል ከሼር የሚያንስበትን አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ሠራተኛ ሥራ ሲለቅ በሼር ላይ አካውንቱን መዝጋት ይበቃል። በሲንክቲንግ መሣሪያውን ከዝርዝሩ ማውጣት አዲስ ፋይል እንዳይደርሰው ያደርጋል እንጂ ላፕቶፑ ላይ ያለውን አያጠፋም። ስለዚህ የደንበኛ ሰነድ የሚቀመጥበት ላፕቶፕ የቢሮው ንብረት ይሁን፣ ዲስኩም በቢትሎከር ወይም በሊኑክሱ ሉክስ የተመሰጠረ ይሁን። ርክክብ ሲደረግም መጀመሪያ በላፕቶፑ ገጽ ላይ ከሰርቨሩ ስም ጎን `Up to Date` ማለቱን እዩ፤ ያልተላከ ሥራ ውስጡ ቀርቶ ላፕቶፑ እንዳይጠረግ ነው። ከዚያ መሣሪያውን ከሰርቨሩ አውጡ፣ ላፕቶፑንም ጥረጉ።